«ምርጥ ሰዓት» የሚባለው የማን ሰዓት ነው?

ቻናል የከፈተ ሰው ሁሉ አንድ ምክር ሳይሰማ አይቀርም፦ «በሳምንቱ አጋማሽ፣ ጠዋት ሰው ሥራ ሲገባ ፖስት አድርግ፤ ዓርብ ከሰዓት አትሞክረው።» እንዲህ ያሉ ምክሮች በብዛት የሚወጡት የማኅበራዊ ሚዲያ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ከሚሸጡ የውጭ ኩባንያዎች ነው። የሚያጠኑትም የደንበኞቻቸውን የፌስቡክ፣ የኢንስታግራምና የሊንክድኢን ገጾች ነው። እዚያ አንድ ጽሑፍ ለማን፣ መቼ እንደሚታይ የሚወስነው አልጎሪዝም ነው።

ቴሌግራም እንዲህ አይሠራም። አዲስ ጽሑፍ ስናወጣ ቻናሉ ወደ ተከታዩ የቻት ዝርዝር ላይኛው ክፍል ይወጣል፤ ሌሎች ቻናሎችና ግሩፖች በጻፉ ቁጥር ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ «ሰው ስልኩን የሚከፍተው መቼ ነው?» የሚለው ብቻ አይበቃም። በዚያው ሰዓት ስንት ሌላ ቻናል ከላዬ ይጫናል የሚለውም አብሮ ይመጣል። ምሽት ሰው ይበዛል፣ ጫጫታውም ይበዛል።

እኔ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ፖሊሲ ረዘም ያለ አስተያየት ነው የምጽፈው። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ለምን እንደጨመረ የሚያስረዳ ጽሑፍ ሰው ከመከራከሩ በፊት ካልደረሰው፣ ክርክሩን የሚመራው ቀድሞ የደረሰው ወሬ ነው። ሰዓቱ ያሳሰበኝም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በቻናሉ Statistics ውስጥ ያለውን፣ ዕይታን በየሰዓቱ የሚያሳየውን ግራፍ ነው። ግራፉ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛው፣ ሰዓቱ UTC ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 መቀነስ ነው፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 መቀነስ፣ ከ1 ካነሰ ደግሞ 12 መደመር። UTC 4 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ UTC 17 ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት።

ሁለተኛው ይበልጣል፦ ግራፉ የአንባቢውን ልማድ ብቻ ሳይሆን የጸሐፊውንም ልማድ ያሳያል። ሁልጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚጽፍ ሰው ግራፉ 3 ሰዓት ላይ ቢቆለል ምን ይገርማል? ምግብ ቤት ማታ ብቻ ከፍቶ «ደንበኞቼ ማታ ነው የሚመጡት» እንደማለት ነው። ጠዋት ቢከፈት ማን ይመጣ እንደነበር ግራፉ አያውቅም። ለማወቅ በተለያየ ሰዓት መክፈት ግድ ነው።

እኔ ያደረግሁት ይኸው ነው። አራት ሰዓት መረጥሁ፦ ከጠዋቱ 12፡30፣ ከቀኑ 6፡30፣ ከቀኑ 11፡30 እና ከምሽቱ 3፡00። በሳምንት ሦስት ጽሑፍ፣ ለስምንት ሳምንት፣ በጠቅላላው 24፤ ለእያንዳንዱ ሰዓት ስድስት ስድስት። የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ሰዓት እንደሚወጣ በወረቀት ዕጣ አወጣሁ። እኔ ራሴ ብመርጥ «ይሄ ጠንካራ ነው» ያልኩትን ሁሉ ማታ አድርጌው፣ ሰዓቱን ከጽሑፉ መለየት አይቻልም ነበር። ከዚያ የመላኪያውን ቀስት ተጭኖ ይዞ Schedule Message በሚለው ቀጠሮ ማስያዝ ነው።

እያንዳንዱ ጽሑፍ ከወጣ ልክ 24 ሰዓት ሲሞላው ሁለት ቁጥር ደብተር ላይ አሰፍር ነበር፦ ዕይታና ፎርዋርድ። ዕድሜውን እኩል ማድረግ የግድ ነው፤ የዕይታ ቁጥር ሲጨምር ስለሚኖር የወር ጽሑፍ ከትናንቱ ጋር አይወዳደርም። ፎርዋርዱን የጨመርኩት ደግሞ ዕይታ ንባብ ስላልሆነ ነው። ጽሑፉ ስክሪን ላይ ካለፈ፣ ባይነበብም፣ እንደታየ ይቆጠራል። ረጅም ጽሑፍን ለሌላ ሰው የላከ ግን ቢያንስ የሚላክ ነገር አግኝቶበታል።

ሦስት ጽሑፎችን ከሒሳቡ አወጣሁ። ሁለቱ ትልቅ ዜና በወጣበት ቀን የተጻፉ ነበሩ፤ በየትኛውም ሰዓት ቢወጡ ይነበቡ ነበር። ሦስተኛውን አንድ ትልቅ ቻናል አጋርቶት ነበር። ቴሌግራም በፎርዋርድ የተገኘ ዕይታን ከዋናው ጽሑፍ ጋር ስለሚደምር ቁጥሩ የኔ ተከታዮች ቁጥር አልነበረም። ሦስቱም የወጡት ከ11፡30 ውጭ ባሉት ሰዓቶች፣ ከየሰዓቱ አንድ አንድ ነበር። ቀሪው 21።

ከዚያ አማካይ አላሰላሁም። አንድ ጽሑፍ ድንገት ቢፈነዳ አማካዩን ይዞት ይሄዳል። ይልቅ የየሰዓቱን ቁጥሮች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሬ መካከለኛውን አየሁ። ዕይታው አራቱም ሰዓት ላይ ተቀራራቢ ሆነ፤ ወደ 2,000 ገደማ፣ ማታ ትንሽ ከፍ ብሎ። ለጉድ የለየው ፎርዋርዱ ነው። ከቀኑ 11፡30 ከወጡት ስድስት ጽሑፎች አምስቱ ከ35 ጊዜ በላይ ተልከዋል። ከቀሩት 15 ግን ያን ያህል የተላኩት ሁለት ብቻ ናቸው።

ስድስት ጽሑፍ ትንሽ ነው። ስለዚህ ለተጨማሪ ስድስት ሳምንት ሁለቱን ሰዓት ብቻ፣ 11፡30ንና 3፡00ን፣ አንዱን ሳምንት ያንዱን፣ ቀጣዩን የሌላውን እያደረግሁ አወዳደርሁ። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። እንዲህ ዓይነት ድጋሚ ሙከራ ላይ ልዩነቱ ቢተን ኖሮ፣ የመጀመሪያው የአጋጣሚ ነገር ነበር ማለት ነው።

ለምን 11፡30? ቴሌግራም ተከታዮቼ የት እንዳሉ አይነግረኝም። የቋንቋ ግራፉ የሚያሳየው የመተግበሪያውን ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ስልኩን በእንግሊዝኛ የሚጠቀም ሞልቷል። ስለዚህ ስም የማያሳይ ድምፅ መስጫ ለጥፌ «የት ሆነህ፣ መቼ ታነበኛለህ?» ብዬ ጠየቅሁ። ብዙዎቹ አገር ቤት ያሉት የታክሲ ወረፋ ላይና በመንገድ ላይ አሉ፤ ቀላል የማይባሉት ደግሞ አሜሪካ ናቸው። እኛ ጋ 11፡30 ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ረፋድ 10፡30 ነው። ሁለቱም ወገን ነቅቷል፣ የምሽቱ ጎርፍ ደግሞ ገና አልጀመረም። ይህ ግምቴ ነው፤ ቁጥሩ የሚለኝ 11፡30 ይሻላል እንጂ ለምን እንደሚሻል አይደለም።

ይህ ሰዓት ግን ዘላለማዊ አይደለም። አሜሪካኖች በኖቬምበርና በማርች ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ልዩነታችን ከሰባት ወደ ስምንት፣ ከስምንት ወደ ሰባት ይሄዳል። በረመዳን ደግሞ 11፡30 ማለት አፍጥር የሚሰናዳበት ሰዓት ነው፤ ሙስሊም አንባቢዬ ያኔ ስልክ ላይ አይደለም። በእነዚህ ጊዜያት አጭር ሙከራ መድገም ይሻላል።

የመጨረሻውን ውሳኔ ግን ቁጥር አይወስንልንም። አንድ የማውቀው የቻናል ባለቤት የሱ ቁጥር ሌሊት 7 ሰዓት ይሻላል ብሎት ወደዚያ ዞረ፤ ተከታዮቹ በአብዛኛው ባሕር ማዶ ናቸው። አንባቢውን ስለሚያውቅ ልክ ነው። እኔ ግን ስለ ዳቦና ስለ ታክሲ ዋጋ ስጽፍ የምጽፈው በቅድሚያ ለሚከፍለው ሰው ነው። ሌሊቱ ሁለት እጥፍ ፎርዋርድ ቢያመጣልኝ እንኳ አልዞርም። ቁጥሩ መቼ እንደሚነበብ ይነግረናል፤ ለማን እንደምንጽፍ የምንነግረው እኛ ነን።