ለቆዩ ደንበኞች የሚላክ የዋጋ ደብዳቤ

በእኛ በሕትመት ሙያ የዋጋ ጭማሪ ደብዳቤ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «በወቅታዊው የገበያ ሁኔታ ምክንያት በሁሉም ሥራዎቻችን ላይ የ25 በመቶ ጭማሪ ማድረጋችንን በአክብሮት እንገልጻለን» ይልና ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ ስልኩ መጮህ ይጀምራል።

የጭማሪውን ምክንያት ማንም ያውቀዋል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ፤ ወረቀቱም፣ ፕሌቱም፣ ቀለሙም በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያቺ «በሁሉም ሥራዎቻችን» የምትለው ቃል ናት።

እስቲ ለምሳሌ ያህል ባለ አራት ቀለም ፍላየር እንውሰድ። ፕሌቱ፣ ማሽን ማስተካከያውና የሠራተኛው ድካም 4,000 ብር ይፈጃል እንበል። አንድ ሺህም ታተመ አሥር ሺህ፣ ይሄ ወጪ ብዙም አይለወጥም። ወረቀቱ ደግሞ ለአንዱ ፍሬ 1 ብር ይሁን። እንግዲህ አንድ ሺሁ 5,000፣ አሥር ሺሁ 14,000 ይወጣል። አሁን ወረቀት ብቻ በግማሽ ቢጨምር አንድ ሺሁ 5,500 ይሆናል፤ ጭማሪው 10 በመቶ ነው። አሥር ሺሁ ግን 19,000 ይገባል፤ ወደ 36 በመቶ ማለት ነው። በሁለቱም ላይ 25 በመቶ የጫነ ማተሚያ ቤት ትንሹን ደንበኛ 750 ብር አላግባብ ያስከፍለዋል፣ ትልቁን ሥራ ደግሞ 1,500 ብር ከኪሱ እያወጣ ያትምለታል። ሰፈር ውስጥ ያለችው ፀጉር ቤት የትልቁን ድርጅት ወረቀት ከፈለች ማለት እኮ ነው! (ፕሌትም መወደዱ አይቀርም፤ ስሌቱ ቀላል እንዲሆን ነው የተውኩት።)

ስለዚህ የእኔ ደብዳቤ ለየደንበኛው ነው የሚሄደው፤ ባለፈው ያሳተመውን ሥራ ወስዶ ወረቀቱን ለብቻ፣ የማተሚያውን ለብቻ፣ አሮጌውን ዋጋ ከአዲሱ አጠገብ ያስቀምጣል። ዋጋው ከቫት በፊት ይሁን በኋላ በግልጽ ይጻፋል፤ አለዚያ 15 በመቶው ሁለተኛ ጭማሪ ይመስላል። ቀብድ የተከፈለበት ሥራ በድሮው ዋጋ ያልቃል። ፕሮፎርማው የሚጸናው ለስንት ቀን እንደሆነም ይገለጻል፤ ወረቀት አስመጪው ለኛ ዋጋ የሚያጸናልን ለአጭር ጊዜ ነውና።

አንድ አማራጭም እጨምራለሁ፤ በ150 ግራም ሲያሳትም የኖረ ሰው በ130 ቢያሳትም ዋጋው ስንት እንደሚሆን። ናሙናውን አብሬ እልካለሁ፣ ምክንያቱም ቀጠን ያለ ወረቀት ላይ ቀለም ከበዛ ጀርባው ሊያሳይ ይችላል። ደንበኛው ናሙናውን በእጁ ዳብሶ፣ ብርሃን ላይ ይዞ አይቶ ይወስን እንጂ፣ እኛ ዝም ብለን በቀጭኑ ብናትምለት ሥራውን ሲረከብ ማወቁ አይቀርም።