ከጫሞ ዳር እስከ ጨንቻ፦ ለቡና ጣዕም ቃል ማግኘት

ቡና ቀርቦላችሁ «እንዴት ነው?» ስትባሉ ምን ትላላችሁ? አብዛኞቻችን «ጥሩ ነው» ወይም «ይመራል» ብለን እናበቃለን። ምላሳችንና አፍንጫችን ከዚህ የበለጠ ያውቃሉ፤ የጎደለን ቃሉ ነው።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ሥዕል አለ። የአሜሪካ ስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1995 አውጥቶት በ2016 እንደገና የተሻሻለው «የጣዕም መንኮራኩር» ነው። ባለብዙ ቀለም ክብ ሲሆን፣ በመሃሉ እንደ አበባ፣ ፍራፍሬ፣ ጣፋጭ፣ ቅመምና ለውዝ ያሉ ሰፊ ቃላት አሉ። ወደ ዳር ስትሄዱ ቃሉ እየጠበበ ይሄዳል፤ «ፍራፍሬ» መጀመሪያ «የሎሚ ወገን»፣ ከዚያም «ሎሚ» ይሆናል። የሚነበበው ከመሃል ወደ ዳር ነው። ጀማሪ በቀጥታ ወደ ዳር ከሄደ በግምት መናገር ይጀምራል።

ችግሩ በዳር ላይ ብሉቤሪና ራስቤሪ መጻፋቸው ነው። በልታችሁት የማታውቁትን ነገር ስኒ ውስጥ ልታገኙት አትችሉም። ስለዚህ እኔና ጓደኞቼ የራሳችንን ዳር ሠራን፤ ከጫሞ ዳር ማንጎ፣ ሙዝና ሎሚ፣ ከጨንቻ ደጋ ደግሞ ፖም ወሰድን።

በማንጎ ጀምሩ። አፍንጫችሁን በጣታችሁ ይዛችሁ አንድ ቁራጭ አኝኩ። ጣፋጭነትና ትንሽ መምጠጥ ብቻ ይሰማችኋል። ሳትውጡ አፍንጫችሁን ልቀቁት፤ ማንጎው ያኔ «ይመጣል»። ምላስ የሚለየው ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ፣ መራራና የመሳሰሉትን ጥቂቶች ነው። ማንጎን ማንጎ የሚያደርገው ከአፍ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣው መዓዛ ነው። ቡናም እንዲሁ ነው። ቀማሾች ድምፅ እያሰሙ የሚስቡት ይህ መዓዛ እንዲወጣ ነው።

ቀጥሎ ኮምጣጣነት። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ በሌላው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሩ፤ ከጎናቸው የፖም ቁራጭ አስቀምጡ። ሎሚው ሹል ነው፤ ምራቅን ወዲያው ይጠራል። የፖሙ ኮምጣጣነት ለስለስ ያለ ነው። ኮምጣጤው ከምላስ በፊት አፍንጫን ይወጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቡና ውስጥ ሲገኙ መልካም ናቸው። የኮምጣጤው ሽታ በርትቶ ከመጣ ግን ፍሬው ሲዘጋጅ ከመጠን በላይ መብላላቱን ይጠቁማል። ጀማሪዎች ኮምጣጣንና መራራን ያምታታሉ። መለያው ምራቅ ነው፦ ኮምጣጣ አፍን በምራቅ ይሞላል፤ መራራ ግን ከዋጣችሁ በኋላም ይቆያል።

አሁን ወደ ቡናው። እንደ ቤታችን አጥቁራችሁ አትቁሉት፤ መንጣጣቱ ጋብ ሲልና ቡናማ ሳለ አውርዱት። ሲጠቁር ኮምጣጣነቱና የፍሬው መዓዛ ይጠፋሉ፤ የሚቀረው የመቆላቱ ጣዕም ነው። ሻካራ አድርጋችሁ ፈጭታችሁ 11 ግራም በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ አዘጋጁ። ውኃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ይረፍ፣ ከዚያ ዱቄቱ ላይ አፍስሱት። 4 ደቂቃ ሲሞላው ላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ ሰብራችሁ አሽትቱ፤ አረፋውን ግፈፉ። ስኳር፣ ጨው ወይም ጤና አዳም አይግባበት። ከ10 ደቂቃ ገደማ ጀምሮ ቅመሱ፤ እየበረደ ሲሄድም ደጋግሙ፤ በጣም የሞቀ ቡና ጣዕሙን ይደብቃል።

እኛ ከነሥጋው በፀሐይ የደረቀ ቡና ስንቀምስ እንዲህ ሆነ። በመሃሉ ክብ ሁላችንም «ፍራፍሬ» አልን። ትኩስ ነው ወይስ የደረቀ? «የደረቀ» አልን፤ ዳር ላይ «ዘቢብ» ደረስን። ኮምጣጣነቱ ከሎሚ ይልቅ ወደ ፖም አደላ። ስለ ጣፋጭነቱ አንዱ «ስኳር ሳይገባበት እንዴት ይጣፍጣል?» ብሎ ጠየቀ። በጥሬው ቡና ውስጥ ያለው ስኳር አብዛኛው ሲቆላ ይለወጣል፤ ነገር ግን እንደ ማርና እንደ ዘቢብ ያለው መዓዛ ከጣፋጭ ነገር ጋር ስለለመድነው ጣፋጭ ሆኖ ይሰማናል።

በመጨረሻ ቅምሻ ያለውን ማለትም ውጠን የሚቀረውን ተመለከትን። ከዋጣችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ 15 ቁጠሩና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ምን ቀረ? ደስ ይላል ወይስ አፍ ያደርቃል? በእኛ ስኒ ዘቢቡ ቀስ ብሎ ጠፍቶ የካካዎ መራራነት ቀረ።

አንድ ደንብ ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ፦ ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አይናገር። ከመካከላችሁ አንዱ «ሎሚ!» ካለ፣ ሌላው ሁሉ ሎሚ ማግኘቱ አይቀርም። ሦስት ሰው ሳይነጋገር «ፖም» ከጻፈ ግን፣ የጻፉት ነገር በእርግጥ በስኒው ውስጥ እንዳለ ልታምኑ ትችላላችሁ።