ከመርሳ ወልድያ፦ የሥራ ፍለጋ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ መርሳ

ታናሽ እህቴ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ነው። ዛሬ ማታ የስድስት ሳምንት ዕቅድ አወጣንላት። ለሙያዋ የሚሆኑት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ጥሩነቱ አንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ እዚሁ መርሳ የሐብሩ ወረዳ መሥሪያ ቤቶች፣ ወደ ወልድያ ሲኬድ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ከዚያ ወልድያ የዞኑ መምሪያዎች። ሰኞ የመርሳውን፣ ሐሙስ ሌሎቹን ታያለች። ማክሰኞ የወልድያ ገበያ ስለሆነ መኪናው ይጨናነቃል፤ ተውነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሁለት ማስታወቂያ በስልኳ አንስታ መጣች፤ ሁለቱም የወጡት ሰኞ ጥቅምት 3 ነው። አንደኛው «ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ይላል። ሰኞም ስለሚቆጠር ነገ ዓርብ ይዘጋል። ሁለተኛው «10 ተከታታይ ቀናት» ብቻ ስለሚል ቅዳሜና እሑድም ይገባሉ፤ መዝጊያው ጥቅምት 12 ነው። የሥራ ቀናት ቢል ኖሮ እስከ 14 በደረሰ ነበር። ስለዚህ ከእንግዲህ ማስታወቂያ ባየች ቁጥር መጀመሪያ የምትጽፈው መዝጊያውን ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

የዲግሪዋንና የውጤቷን ዋናውን አሳይታ ኮፒውን አስገባች። የምዝገባ ቁጥሯንም ተቀብላ ጻፈች። ያለ ቁጥር «ማመልከቻዬ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ አድካሚ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ደብተሯ ላይ ያሰመርነው ሠንጠረዥ ዛሬ ይህን ይመስላል፦

| ቦታ | መዝጊያ | ያለበት ደረጃ | ቀጣይ ሥራ |
|---|---|---|---|
| የወረዳ ጽሕፈት ቤት | ጥቅምት 7 | ገብቷል | ሰኞ ሰኞ ሰሌዳ ማየት |
| የዞን መምሪያ | ጥቅምት 12 | ገብቷል | ሐሙስ ሰሌዳ ማየት |
| ኤንጂኦ | ጥቅምት 14 | በኢሜይል ተልኳል | ጥቅምት 24 መጠየቅ |

እኔ አጥብቄ የያዝኩት የመጨረሻውን ዓምድ ነው። «ገብቷል» ብቻውን ነገ ምን እንደምትሠራ አይነግራትም። አከታተሉም እንደየቦታው ይለያል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለፈተና ያለፉት ስም ብዙ ጊዜ እዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ስልክ ይደወልልኛል ብሎ የተቀመጠ ፈተናው ያልፈዋል። ኤንጂኦው ግን የሚያነጋግረው የመረጣቸውን ብቻ ነው፤ ከተዘጋ ከአሥር ቀን በኋላ አንድ አጭር ኢሜይል ይበቃል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፣ ወልድያ

ስሟ ተለጥፏል! የጽሑፍ ፈተናው ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ማንም አልደወለላትም። ማክሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ሰኞ ሄዳ አክስታችን ቤት ታድራለች። ኤንጂኦው ለኢሜይሉ ስላልመለሰ ያንን መስመር «ተዘግቷል» ብላ ሰረዘችው፤ ከሥሩ ዛሬ ስሪንቃ ያየችውን አዲስ ማስታወቂያ፣ መዝጊያውን አስቀድማ ጻፈች።