ለክሊኒኩ ሠራተኞች፦ ስለ ቅዳሜው ጥገና እና ስለ ጥፋቴ

የፊታችን ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የታካሚዎች ዳታቤዝ ለጥገና ይዘጋል። ስለ አሠራሩ ከመጻፌ በፊት ባለፈው ጥገና ያጠፋሁትን ልናዘዝ።

ያኔ የለጠፍኩት ማስታወቂያ «ሲስተሙ ስለሚዘጋ በወረቀት ሥሩ» ከማለት አላለፈም። ጊዜያዊ ቁጥር ማን፣ ከስንት ጀምሮ እንደሚሰጥ አልጻፍኩም። ካርድ ክፍልም ድንገተኛ ክፍልም በየራሳቸው ከ1 ጀመሩ። ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለት እናቶች በሁለቱ በኩል ገብተው ሁለቱም 7 ቁጥር ደረሳቸው። ላብራቶሪ የገቡት ሁለት የደም ቱቦዎችም አንድ ዓይነት ስምና ቁጥር ያዙ። ሲስተሙ ሲከፈት 248 የሆነው የስኳር ውጤት በሌላኛዋ መዝገብ ላይ ተጻፈ። ሐኪሙ ምንም ምልክት የሌላት ሴት ላይ ይህን ቁጥር ሲያይ ተጠራጥሮ ደግሞ አስመረመራት፤ ጤነኛ ነበረች። የውጤቱ ባለቤት ግን ደህና ነዎት ተብላ ያለ መድኃኒት ቤቷ ገብታ ነበር። በስልክ ፈልገን አስመለስናት።

ነገሩ በስብሰባ ሲነሳ የተወቀሰው የላብራቶሪ ባልደረባችን ነው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ከማስታወቂያው ጉድለት ይልቅ ያ ዝምታ ይቆጨኛል። ወንድሜ፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

አሁን ቁጥር የታተመባቸው የቅጽ ጥራዞች አዘጋጅቻለሁ። የካርድ ክፍሉ ከሀ-001፣ የድንገተኛው ከለ-001 ይጀምራል። ቁጥሩ፣ ስም እስከ አያት፣ ዕድሜና ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት በምርመራ ማዘዣውም በቱቦውም ላይ ይጻፍ። አንዱ ከጎደለ ላብራቶሪ ናሙናውን አይቀበል፤ ላኪውን ጠርቶ ያስሞላ። የተበላሸ ቅጽ አይቀደድም፤ ይሰረዝና በጥራዙ ውስጥ ይቆይ፤ የጎደለ ቁጥር ካለ አንድ ታካሚ እንደጠፋብን የምናውቀው በዚህ ነው። ለመድኃኒት አለርጂ ያለባቸውን የነባር ታካሚዎች ዝርዝር ቅዳሜ ማታ አትሜ ለሐኪሞችና ለፋርማሲ እሰጣለሁ። በዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው አለርጂ የለበትም ማለት ስላልሆነ ታካሚውን መጠየቅ አይቅር።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ከ9 ሰዓት በፊት ስክሪኑ ቢከፈትም ምንም አታስገቡ። ያን ጊዜ ሙከራ ላይ ነን። ሥራው ካልተሳካ ዳታቤዙን ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ወደያዝነው ቅጂ እንመልሰዋለን፤ በመሀል የገባው ሁሉ ይጠፋል። ሰዓቱ ቢያልፍም ወረቀቱ ይቀጥል። መከፈቱን በየክፍሉ እየዞርኩ በቃሌ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ወደ ሲስተሙ ስንመልስ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይጻፍ። ነባር ካርድ መኖሩ ሳይፈለግ አዲስ አይከፈት። የሚገባው ሰዓትም ታካሚው የታየበት እንጂ የተየባችሁበት አይሁን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያልገባችሁ ወይም የጎደለ ነገር ካለ እስከ ዓርብ ንገሩኝ፤ አስተካክዬ እንደገና እለጥፈዋለሁ።