«የቀድሞ ሥራ» የሚለው ሠንጠረዥ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ስላለኝ የሰው ቅጽ መሙላት የዕለት ሥራዬ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ወረዳ፣ ስልክ እያልን በደህና እንመጣና «የቀድሞ ሥራ» የሚለው ሠንጠረዥ ላይ ስንደርስ ጨዋታው ይቆማል። የድርጅቱ ስም፣ የሥራ መደብ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደመወዝ፣ የለቀቁበት ምክንያት። ከልጅነታቸው ጀምሮ እጃቸው ያላረፈ ሴት «እሱን ባዶ ተወው ልጄ፣ እኔ ሥራ ይዤ አላውቅም» ይሉኛል።

ባዶ መተው ጉዳት አለው። ቅጹን የሚያየው ሰው ባዶውን ሠንጠረዥ «ምንም አልሠራችም» ብሎ ነው የሚያነበው። ሌሎቹ ደግሞ የባሰውን ይመርጣሉ፤ ማኅተም ያለው የሥራ ልምድ ከማያውቁት ድርጅት በገንዘብ ያስጽፋሉ። ቀጣሪው «ማስረጃው ከእናንተ የወጣ ነው?» ብሎ ለድርጅቱ ደብዳቤ የጻፈ ዕለት ሥራው ብቻ ሳይሆን ስማቸውም ይሄዳል። ከሁለቱም የሚሻለው እውነቱን በሥርዓት መጻፍ ነው። እንዴት እንደሚጻፍ በአንድ ጎረቤታችን ጉዳይ ላሳያችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው። ለአንድ የግል ትምህርት ቤት የጽዳት ሥራ ሊያመለክቱ ነበር የመጡት።

እስከ 2006 ዓ.ም. ከእንጦጦ ጫካ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው እየወረዱ ይሸጡ ነበር። ይህን ማስጻፍ አፈሩ። እኔ ግን የሚያሳፍር ነገር አላየሁበትም። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ጉዳይ የዓለም ሥራ ድርጅት ከሠላሳ ዓመት በፊት ጥናት ያሳተመበት፣ የከተማውን ምጣድ ለብዙ ዘመን ያሞቀ ሥራ ነው። በድርጅት ስም ቦታ «የግል ሥራ»፣ በሥራ መደብ ቦታ «ማገዶና ቅጠል አቅራቢ» ብዬ ጻፍኩ። በየቀኑ እንደማይወጡ ስለነገሩኝ በደመወዙ ቦታ «በሽያጭ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ገደማ» አልኩ። ስንት ዓመት ሠሩ ተብለው ቢጠየቁ የሚናገሩትና የተጻፈው አንድ መሆን አለበት፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ከ2006 እስከ 2009 የቀን ሠራተኛ ነበሩ፤ መገናኛና ኮተቤ አካባቢ ሦስት ሕንጻዎች ላይ ሲሚንቶና አሸዋ ሲያቀብሉ። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። «መቼ ጀመሩ?» ሲባል የሚያስታውስ የለም፤ «ያኔ ምን ሆኖ ነበር?» ሲባል ግን ሁሉም ያስታውሳል። እሳቸውም «ባቡሩ በመገናኛ ማለፍ ሲጀምር እኛ ሁለተኛው ሕንጻ ላይ ነበርን» አሉኝ። የአያት ጦር ኃይሎች መስመር የተከፈተው በ2008 መጀመሪያ ስለሆነ ሁለተኛው ሕንጻ ቦታውን አገኘ። የመጀመሪያውን በልጃቸው ክርስትና፣ ሦስተኛውን በኪዳነ ምሕረት በዓል አስተካከልነው። ቀን አልጻፍኩም፤ ወርና ዓመት ይበቃል። ያልታወሰ ቀን ፈጥሮ መጻፍ ነው ኋላ የሚያጋጨው።

ቅጹ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት ይጨመራል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ስለዚህ ጥቅምት 2008 ማለት ኦክቶበር 2015 ሲሆን ሚያዝያ 2008 ኤፕሪል 2016 ነው። ሁሉንም ሰባት እየጨመረ የሞላ ሰው አንድ ሥራ ሳይጀምር የለቀቀ መስሎ ይወጣል።

ሦስቱን ሕንጻ ለየብቻ አላደረግሁም። በአንድ ረድፍ «የቀን ሠራተኛ፣ በተለያዩ የሕንጻ ግንባታዎች» ብዬ ሰፈሮቹን ዘረዘርኩ። ደመወዝ ላይ የቀኑን ሒሳብ በሠላሳ ማባዛት የተለመደ ስህተት ነው። እሳቸው በቀን 60 ብር፣ በወር ሃያ ቀን ያህል ነበር የሚሠሩት፤ በሠላሳ ቢባዛ 1,800 ይሆናል፣ እጃቸው የገባው ግን 1,200 ነው። «በቀን 60 ብር፣ በአማካይ በወር 20 ቀን» ብሎ መጻፍ ይሻላል። የለቀቁበት ምክንያት «ግንባታው ስላለቀ» ነው፤ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ምክንያት የለም። ምስክር ሲጠየቁ ደግሞ የኩባንያውን ባለቤት አይፈልጉ። በየጠዋቱ ስም ይጠራ የነበረውን ፎርማን ወይም ተቆጣጣሪ ይፈልጉ። የእሳቸው ፎርማን ስልኩን አልቀየረም ነበር፤ ደወልንለት፣ በስማቸው አወቃቸው።

ከዚያ በኋላ ኮተቤ የወንድማቸው ሱቅ ውስጥ ሠሩ፤ በ2012 ሚያዝያ፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ሱቁ እስኪዘጋ። ምግብና ማደሪያ እንጂ ደመወዝ አልነበራቸውም። በድርጅት ስም ቦታ በወንድማቸው ንግድ ፈቃድ ላይ ያለው ስም ይገባል፤ በደመወዙ ቦታ «የቤተሰብ ሥራ፣ ያለ ደመወዝ»። ወንድም ለእህቱ ብሎ «በወር ይህን ያህል እከፍላት ነበር» የሚል ደብዳቤ ቢጽፍ ሊጎዳ የሚችለው ራሱን ነው፤ የከፈለ ቀጣሪ የሥራ ግብር ቀንሶ ማስገባት ነበረበትና። ሒሳብ መያዝ፣ ዕቃ መቁጠር፣ ደንበኛ ማስተናገድ የሚሉት ግን ሳይጋነኑ መጻፍ አለባቸው፤ ሥራው እሱ ነበርና።

የመጨረሻው ከ2013 ጀምሮ በከተማ ሴፍቲኔት መንገድ ማጽዳት ነበር። «እሱ እርዳታ እንጂ ሥራ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሥራ ነው፤ የተሠራበት ቦታ አለ፣ ኃላፊ አለ፣ ክፍያው በባንክ ይገባ ነበር። ከአራቱ ሁሉ ማስረጃ ያለው እንዲያውም እሱ ነው። ለጽዳት ሥራ ለሚያመለክት ሰው ይህን መዝለል ዋናውን ልምድ መዝለል ነው። የባንክ መግለጫ አስወጥተው አያያዙት።

ወሰኑንም ልናገር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ላይ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት» የሚል መስመር ካለ፣ ከላይ የጻፍነው ሁሉ እንደ ዓመት አይቆጠርም። እዚያ «0 ዓመት» የሚለውን መደብ መፈለግ ነው። ግንበኛ፣ አናጺ ወይም ለሳኝ የሆነ ሰው ግን የብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የምንለውን፣ መውሰድ ይችላል። ፈተናው ሙያውን እንጂ የተማሩበትን ቦታ ስለማይፈትን በሥራ ላይ የለመደ ሰውም ይመዘናል። የምዘናው ወረቀት ዓመት አይሆንም፤ ሙያ መኖሩን ግን ያረጋግጣል።

ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ይህ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ውሉ በቃልም ሊሆን ስለሚችል የቀን ሠራተኛም ይህ መብት አለው። በሰው ቤት ለግል አገልግሎት የሚሠሩት፣ እንጀራ ጋጋሪዎችና የቤት ሠራተኞች፣ ከአዋጁ ውጭ ቀርተዋል፤ ይህ በእኔ እምነት በደል ነው።

ስለዚህ ኮንትራክተሮች፣ ፎርማኖች፣ የቤት እመቤቶች፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፦ አንድ ሠራተኛ ሥራዋን ስትጨርስ ሙሉ ስሟን፣ የሠራችውን ሥራ፣ የጀመረችበትንና የጨረሰችበትን ወር፣ የከፈላችኋትን ገንዘብና ስልካችሁን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ስጧት። ማኅተም ያለው ማኅተም ያድርግበት። ሳትጠይቃችሁ ስጧት።