«ስሙን ልጠይቅ» የሚባል በር የለም

ባለፈው ወር በረፍት ሰዓት በማይክሮፎን ሳነብ የሳቃችሁብኝ ብዙ ናችሁ። እንዲህ ነበር ያልኩት፦ «የጀጎል የጥንት በሮች አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ስሙን ልጠይቅ፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር።» አንዱ ልጅ ቆጥሮ «ስድስት ሆነ እኮ!» አለ።

ጽሑፉ የአያቴ ነው። አባባ በእስክሪብቶ ረቂቅ ጽፈው ሰጡኝ፣ እኔ ገለበጥኩ። «ስሙን ልጠይቅ» ቡዳ በር አጠገብ ህዳጉ ላይ ነበር። በሐረሪ ቋንቋ በድሮ በሪ ስለሚባል፣ ያንን ለማጣራት ለራሳቸው የጻፉት ማስታወሻ ነው። እኔ ግን የተረሳ ቃል መስሎኝ መሃል ከተትኩት።

በኋላ ከክፍላችን ጋር ጀጎል ውስጥ ያለውን ሸሪፍ ሙዚየም ጎበኘን። እዚያ በእጅ የተጻፉ የድሮ መጻሕፍት አሉ። አስጎብኚው እንዳስረዱን፣ በአረብኛ የሚገለብጡ ሰዎች ቃል ከዘለሉ ቦታው ላይ ትንሽ ጭረት ያደርጋሉ፤ ጭረቷ ቃሉ ወዳለበት ህዳግ ታጥፋለች። ቃሉን ህዳጉ ላይ ይጽፉና መጨረሻው ላይ «ሰሐ» ይላሉ፤ ትክክል ነው ማለት ነው። ይህ ምልክት ያለው ወደ ውስጥ ይገባል። ምልክት የሌለው ብዙ ጊዜ ማብራሪያ ወይም የአንባቢ ማስታወሻ ስለሆነ እዚያው ይቀራል።

ቤት ስገባ ረቂቁን እንደገና አየሁት። አባባም ምልክት አላቸው ለካ! በመስመሮች መሃል የጨመሩት ዓረፍተ ነገር ሥር ሁሉ እንደ ቀስት ያለች ነገር አለች። «ስሙን ልጠይቅ» ሥር የለችም።

ስለዚህ በአዲስ ደብተር እንደገና ገለበጥኩ። መስመሩ በረቂቁ ላይ ካለቀበት ጨረስኩ። የጨመሩትን በሰማያዊ፣ የህዳጉን ህዳግ ላይ፣ የተሰረዘውን ደግሞ በቀይ ጽፌ በላዩ አንድ መስመር አሰመርኩ፤ እንዲነበብ ነው። አንድ ቃል ግን በጣም ስለተፋቀ አልተነበበኝም። በግምት ከመሙላት ብዬ «አልተነበበም» አልኩ።

አንድ ቦታ ላይ እጄ ቆመ። «አባቴ ሸዋ በር ላይ ተሸካሚ ነበር» ይላል። «ተሸካሚ» ተሰርዞ ከላዩ «ነጋዴ» ተጽፏል። እንደነበረ ከገለበጥኩ ሁሉም ያየዋል፤ ከተውኩት ደግሞ ግልባጭ አይባልም። ሄጄ ጠየቅኳቸው።

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

«እዚህ ደብተር ላይ ሁለቱንም ጻፊ፣ የቤት ነው» አሉ።

«ለመጽሔቱስ?»

እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝና «ነጋዴ» የሚለውን ራሳቸው ሰረዙ።