እንግሊዝኛው ስድስት፣ አማርኛው አምስት

ረቡዕ ማታ ነው። አያት ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ረዳት መምህርት ለአንደኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎቿ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ መልእክት ላከች። ሚድ ሊደርስ ነው፤ ቅዳሜ ክለሳ አለ። መልእክቱ በክለሳው የሚነሡትን ርዕሶች ይዘረዝራል። ላይኛው ግማሽ እንግሊዝኛ ነው፤ ታችኛው አማርኛ።

ሁለት ጊዜ መጻፉ የቅንጦት አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ግን ተምሮ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ በአማርኛ ይብራራል፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይመጣል።

ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ተማሪ ጻፈ፦ «ቲቸር፣ እንግሊዝኛው ስድስት ርዕስ ነው፣ አማርኛው አምስት። የቱን እናንብብ?»

ቆጠረች፤ ልክ ነው። እንግሊዝኛው ላይ «ቼንጅ ኢን ዲማንድ» እና «ቼንጅ ኢን ኳንቲቲ ዲማንድድ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ወደ አማርኛ ስትመልሳቸው ሁለቱም «የፍላጎት ለውጥ» ሆኑባት። የተደገመ መስሏት አንዱን ሰረዘችው። የሰረዘችው ደግሞ በየዓመቱ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበትን ነጥብ ነው።

ልዩነቱን በሽንኩርት ማየት ይቻላል። አንድ ቤተሰብ ኪሎው 80 ብር ሲሆን በሳምንት 3 ኪሎ ይገዛል እንበል። ዋጋው 100 ሲገባ ወደ 2 ኪሎ ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ የቤቱ ዲማንድ አልተነካም። ያው ሰው፣ ያው ገቢ፣ ያው አመል ነው፤ በዚያው ኩርባ ላይ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ነጥብ ተንሸራተተ እንጂ። የተለወጠው የሚፈለገው መጠን ነው፤ ምክንያቱም የሽንኩርቱ የራሱ ዋጋ ብቻ።

አሁን ገና ደረሰ። ዶሮ ወጥ አለ፤ ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይታሰብም። ያው ቤተሰብ ዋጋው 80 ብር ላይ እንዳለ 5 ኪሎ ይፈልጋል። ዋጋው ንቅንቅ ሳይል መጠኑ ከ3 ወደ 5 ሄደ። ይህኛው ኩርባው ራሱ ወደ ቀኝ ሲነሣ ነው፤ የፍላጎት ለውጥ የሚባለውም ይኸው ነው።

ተማሪው የሚደናገረው ሁለቱ ሲደራረቡ ነው። በዓሉ ፍላጎትን ጨመረ፤ ፍላጎቱ ዋጋውን 100 አደረሰው፤ በ100 ብር ቤተሰቡ ከ5 ኪሎ ወደ 4 ወረደ። በአንድ ቃል ብቻ ሲነገር «ፍላጎት ስለጨመረ ዋጋ ጨመረ፣ ዋጋ ስለጨመረ ፍላጎት ቀነሰ» ይሆንና ሰውዬው ዞሮ መነሻው ላይ የደረሰ ይመስላል። አልደረሰም፤ ከ3 ኪሎ ተነሥቶ 4 ላይ ነው ያረፈው። (ስለ ገበያ የሚወራውን ዜናም በዚሁ ጆሮ መስማት ነው።) ፈተናው ላይ «የሽንኩርት ዋጋ ቢጨምር ምን ይቀንሳል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁለቱም ቃላት በምርጫ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በልቡ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተማሪ ሁለት ትክክለኛ መልስ ያያል፤ ብዙ ጊዜም ስሕተቱን ያከብበዋል።

መምህርቷ አስተካክላ ጻፈች፦ «3ኛ፣ የሚፈለገው መጠን ለውጥ፣ በራሱ በዕቃው ዋጋ ምክንያት ብቻ የሚመጣ። 4ኛ፣ የፍላጎት ለውጥ፣ ከዕቃው ዋጋ ውጪ ባለ ምክንያት የሚመጣ፤ ገቢ፣ በዓል፣ የሌላ ዕቃ ዋጋ።» ከየአንዳንዱ አጠገብ የእንግሊዝኛውን ስያሜም አኖረች፤ ፈተናው ላይ የሚያገኙት እሱን ነውና።

መልእክቱን ደግማ ስታነብ ሌላም አገኘች። አማርኛው «ሚድ የሚያካትታቸው» ይላል፤ እንግሊዝኛው ግን የሚናገረው ስለ ክለሳው ነው። ፈተናው ከምዕራፍ 1 እስከ 3 ይይዛል፤ ምዕራፍ 1 ግን በክለሳው አይነሣም። አማርኛውን ብቻ ያነበበ ተማሪ ምዕራፍ 1ን ዘግቶ ይተኛ ነበር። ሰዓቱም ነበረ፦ በሁለቱም ቋንቋ «3፡00» ብላ ነበር። የእንግሊዝኛውን 9፡00 ጠዋት አደረገችው፤ አለዚያ በውጭ አቆጣጠር የለመደ ልጅ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ባዶ ክፍል ይጠብቀው ነበር።

እንዲህ ያለውን መልእክት ተማሪውን ያሰንፋል የሚሉ መምህራን አሉ። ተማሪው ግን ተፈቀደም አልተፈቀደ በልቡ ይተረጉማል። መምህሩ በግልጽ ሲተረጉም ስሕተቱ ይታያል፤ በተማሪው ልብ ውስጥ ሲቀር የሚታየው ውጤት ሲለጠፍ ነው። ይልቅ የሚከብደው ሌላው ነው። በዚያው ክፍል አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ተናግረው ያደጉ ተማሪዎች አሉ፤ ለእነሱ አማርኛውም ሌላ ትርጉም ነው። ለዚህ ነው በመጨረሻ አንድ መስመር የጨመረችው፦ «ሁለቱ ካልተስማሙ እንግሊዝኛውን ያዙ፤ ለእኔም ንገሩኝ።»

ቅዳሜ ኩርባውን ሰሌዳው ላይ ሥላ ወደ ቀኝ ስታነሣው ያ ርዕስ የቆጠረው ልጅ እጁን አወጣ። «ነጋዴው ዋጋው በበዓል ይወደዳል ብሎ ሽንኩርቱን ቢያስቀምጥስ?»

«እሱ አቅርቦት ነው» አለችው። «ኩርባው ወደ ግራ ይሄዳል። 5ኛው ላይ እንደርስበታለን።»